በ5ኛ፣ በ7ኛ ወይስ በ9ኛ? ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ የሚዞርበት ክፍል በኢትዮጵያ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ አደረገ። ለሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። መቼ እንደሚዞር ግን ክልሎች በየራሳቸው ወሰኑ። ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሶማሌ እስከ 8ኛ ክፍል በልጁ ቋንቋ ዘለቁ። አዲስ አበባ ከ7ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ዞረች። በደቡብ ከ5ኛ ክፍል የጀመሩ አካባቢዎች ነበሩ።

ቶሎ ማዞርን የሚደግፉ ወላጆች የሚሰጡት ምክንያት ቀላል አይደለም። እንግሊዝኛ የሥራና የዩኒቨርሲቲ በር ነው። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ከሚደነግጥ፣ ቀድሞ ይልመደው ይላሉ።

ችግሩ የሚታየው ክፍል ውስጥ ነው። በአማርኛ «እፍግታ» የሚለውን ቃል ሰምቶ፣ ድንጋይ ለምን እንደሚሰጥምና እንጨት ለምን እንደሚንሳፈፍ የገባው ልጅ አለ እንበል። ሳይንስ በእንግሊዝኛ ሲሆን «ዴንሲቲ» የሚል ቃል ይመጣበታል። መምህሩ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ማብራሪያውን በአማርኛ ይናገራል፣ ፈተናውን ደግሞ በእንግሊዝኛ ያወጣል። ልጁ ሰሌዳው ላይ ያለውን ይሸመድዳል። «በራስህ አባባል ንገረኝ» ሲባል ዝም ካለ፣ ትምህርቱ አልገባም ማለት ነው።

በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራ ጥናት የ8ኛ ክፍል ምዘና ውጤቶችን ተመልክቶ ነበር። በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ያመጡት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ነበሩ። የገጠሩ ልጅ ከክፍል ውጪ እንግሊዝኛ አይሰማም። ለጥሩ የግል ትምህርት ቤት መክፈል የሚችል ቤተሰብ ልጅ ግን ይሰማል፣ መጽሐፍም ቤቱ አለ። በእኔ እምነት ቶሎ ማዞር እኩል ዕድል ሳይሆን፣ ቀድሞ የነበረውን ልዩነት ማስፋት ነው።

ዘግይቶ ማዞር ብቻውን ግን አይበቃም። በ9ኛ ክፍል ሁሉም የትምህርት ዓይነት በአንድ ጊዜ ይገለበጣል። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ለብቻው ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስተምሩት ግን ራሳቸው ቋንቋውን በወጉ ያልጠገቡ መምህራን ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ ገንዘብ ሊወጣ የሚገባው ለእነሱ ሥልጠና ነው። የ9ኛ ክፍል መጻሕፍትም መጨረሻቸው ላይ የሁለት ቋንቋ የቃላት መፍቻ ቢኖራቸው፣ «ዴንሲቲ»ን ያየ ልጅ «እፍግታ»ን አስታውሶ ካቆመበት ይቀጥላል።

ትንንሽ ቋንቋዎች ላይ ነገሩ ይከብዳል። በአማራ ክልል አዊኛና ኽምጣንጋ ማስተማሪያ ሆነዋል። ግን ጥቂት ተማሪ ላለው ቋንቋ መጽሐፍ ማሳተም በነፍስ ወከፍ ውድ ነው። በቋንቋው የሚያሠለጥን የመምህራን ኮሌጅ ከሌለ ደግሞ መጽሐፉ ቢታተምም የሚያስተምርበት ሰው አይገኝም።