የድርሻ ዋጋ ምንድን ነው?

አንዳንድ የምግብ አዘገጃጀት መተግበሪያዎች ከምግቡ ስም ሥር የሚያሳዩት የድርሻ ዋጋ፣ ድስት ውስጥ የገባው ግብዓት ዋጋ ተደምሮ ምግቡ ያጠግባል ለተባለው ሰው ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ሂሳብ ነው። ስሌቱ ትክክል ቢሆንም፣ በእጁ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ያለው ተማሪ ሱቅ ገብቶ የሚከፍለውን አይነግረውም፤ ምክንያቱም ሱቁ ዘይትን በማንኪያ፣ ምስርንም በግራም እየቆነጠረ አይሸጥለትም።

ለአራት ሰው የሚሆን የምስርና የቆስጣ ሾርባን እንውሰድ። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። በ50 ከሚሸጠው አንድ ኪሎ ምስር 400 ግራም፣ በ100 ከሚሸጠው አንድ ሊትር ዘይት 50 ሚሊ ሊትር፣ በ6 ከሚሸጠው አንድ እስር ቆስጣ ግማሹ፣ እንዲሁም በ8 የተገዛ ሁለት ራስ ሽንኩርት ይገባሉ። መተግበሪያው እነዚህን 20፣ 5፣ 3 እና 8 ብሎ ይደምርና 36 ያገኛል፤ ለአራት ሲካፈል ድርሻው 9 ይሆናል። ቤቱ ባዶ የሆነ ተማሪ ግን ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ሲቆም የሚጠየቀው 164 ነው።

ከልዩነቱ አብዛኛው ብክነት አይደለም። የተረፈው ዘይትና ምስር ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ወጪ ለቀጣዮቹ ቀድሞ እንደተከፈለ ይቆጠራል። በእርግጥ የሚያከስረው ግማሹ እስር ቆስጣ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠውልጎ ከተጣለ ዋጋው በሙሉ በሾርባው ላይ ይወድቃል፣ ድርሻውም ከ9 ወደ 9.75 ከፍ ይላል። ጭማሪው ትንሽ ቢመስልም፣ በየምግቡ አንድ ቶሎ የሚበላሽ ነገር የሚያስገዛ የሳምንት ዕቅድ ቀስ በቀስ ኪስ ያራቁታል።

ስለዚህ በእኔ አመለካከት፣ የሳምንቱን ምግቦች በድርሻ ዋጋ ርካሽነት ብቻ መምረጥ ስህተት ነው። ሾርባውን ሰኞ ያቀደ ተማሪ፣ የቀረውን ቆስጣ የሚጨርስ የሩዝ ምግብ ለረቡዕ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ሩዙ በድርሻ ዋጋው ከሌላው ትንሽ ቢወደድም። በቤት ያለውን ግብዓት ተቀብለው የሚሠራ ምግብ የሚፈልጉ እንደ ሱፐርኩክ ያሉ መተግበሪያዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። የቤት ክምችት መመዝገቢያ ያላቸው ደግሞ ያለውን ዘይት ከግዢ ዝርዝሩ ላይ ያስቀራሉ፤ ያለቀውን ካላጠፉበት ግን ዝርዝሩ ያሳስታል።

ከሂሳቡ በፊት የሰውን ቁጥር ማጣራትም ያስፈልጋል፤ አካፋዩ ሲተልቅ ድርሻው ርካሽ መስሎ ይታያልና። በሾርባው ለአንድ ሰው 100 ግራም ደረቅ ምስር ይደርሳል፣ ይህም ምሳ ይሆናል። ያው 400 ግራም ለስምንት ሰው ነው ተብሎ ከተጻፈ ግን ዋጋው በግማሽ የወረደው ሳህኑም በግማሽ ስለጎደለ ነው፣ የተራበ ተማሪም ሁለት ድርሻ መብላቱ አይቀርም።