ስልካችን ከታወር ወደ ታወር ሲሻገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስልኬ የተሻለ ሲግናል ሲያገኝ ራሱ ይቀይራል»

ኪስ ውስጥ ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ አዎ። በ4ጂ ዳታ እየተጠቀማችሁ ከሆነ ግን ስልኩ ለክቶ ይናገራል እንጂ አይወስንም። ወሳኙ አሁን የያዘው ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከጎረቤቱ ጋር ተነጋግሮ ቦታ ካስያዘ በኋላ ስልኩን «ሂድ» ይለዋል።

«ጎረቤቱ ትንሽ እንኳ ከበለጠ መሻገር አለበት»

በቁጥር እንየው። ስልኩ ሴል «ሀ» ላይ፣ ማለትም አንዱ ጣቢያ በሚሸፍነው ክልል ውስጥ ነው፤ የሲግናሉ ጉልበት −95 ዲቢኤም። ጎረቤቱ «ለ» −94 ነው፤ በ1 ዲቢ ይበልጣል። ኔትወርኩ ላይ የተሞላው ኦፍሴት፣ ጎረቤቱ እንዲበልጥ የሚጠየቀው መጠን፣ 2 ዲቢ፤ ሂስተሬሲስ፣ መወላወልን የሚከላከለው ጭማሪ፣ 1 ዲቢ ነው እንበል። ሁለቱ ሲደመሩ 3 ናቸው፤ ህዳጉ ይህ ነው። ስለዚህ «ለ» ከ−92 እስካላለፈ ድረስ ስልኩ ትንፍሽ አይልም።

ቢያልፍም መጠበቅ አለ። `timeToTrigger` 320 ሚሊሰከንድ ከሆነ ብልጫው ያን ያህል ጊዜ ሳይቋረጥ መቆየት አለበት። መሃል ላይ ከ3 ዝቅ ካለ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ለመመለስም ያው ሕግ ነው፤ «ሀ» በተራው «ለ»ን ከ3 ዲቢ በላይ መብለጥ አለበት። በሁለቱ መካከል የ6 ዲቢ ክፍተት ተፈጠረ ማለት ነው። ሲግናሉ እዚያ ውስጥ ቢዋዥቅ ማንም አይነቃነቅም።

«ቤቴ ቁጭ ብዬ ታወር ሊቀየርብኝ አይችልም»

እንዴታ፣ ይችላል! ሁለት ታወሮች እኩል የሚደርሱበት የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር፣ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሲግናሉ ይወዛወዛል። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ስልኩ «ሀ»፣ «ለ»፣ ደግሞ «ሀ» እያለ ይመላለሳል። ፒንግፖንግ የሚሉት ይህን ነው።

«ታዲያ ህዳጉን ከፍ ማድረግ ነዋ!»

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱ ሴሎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሲሠሩ የጎረቤቱ ጉልበት ለስልኩ ረብሻ ነው። ስልኩ በቆየ ቁጥር የራሱ ሴል ድምፅ ይዋጣል፤ በመጨረሻ «ሂድ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ አይሰማም። መስመሩ ይቆረጣል። የመጠበቂያ ጊዜውን ማርዘምም ያው ነው፦ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ320 ሚሊሰከንድ 5 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ1280 ግን 21 ሜትር። ሕንፃ ጥግ ላይ ሲታጠፉ 21 ሜትር ብዙ ነው።

ፒንግፖንግ ይሁን መዘግየት ከኔትወርኩ መዝገብ ይታያል። ስልኩ በ1 ሰከንድ ውስጥ ከተመለሰ ፒንግፖንግ ነው። ተቆርጦ «ለ» ላይ እንደ አዲስ ከተገናኘ ደግሞ ዘግይቷል። ያኔ የሁሉንም ሴሎች ህዳግ መነካካት አያስፈልግም፤ ለእነዚያ ሁለት ሴሎች ብቻ ማስተካከያ ይሰጣል። ከ«ሀ» ወደ «ለ» በ1 ዲቢ፣ ሲመለስ በ5 ዲቢ ይሁን። ስልኩ ቀድሞ ይሻገራል፤ ክፍተቱ ግን ያው 6 ነው።