ሄሞፊሊያ በንግሥት ቪክቶሪያ ቤተሰብ፤ የዘር ሐረግ ሠንጠረዥ አነባበብ

የዘር ሐረግ ሠንጠረዥ በዘር የሚተላለፍ በሽታ በቤተሰቡ ውስጥ በማን በኩል አልፎ ማን ላይ እንደደረሰ በምልክትና በመስመር የሚያሳይ ሥዕል ነው። የዘረመል ሐኪም ሠንጠረዡን ሲያነብ በሽታው የሚተላለፍበትን መንገድ፣ ራሳቸው ሳይታመሙ የሚያስተላልፉትን ተሸካሚዎችና ገና የሚወለደው ልጅ የመታመም ዕድሉ ስንት እንደሆነ ይፈልጋል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ዘወትር በምሳሌነት የሚቀርበው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ (1819–1901) ቤተሰብ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የነገሥታት ልጆች ልደትና ሞት በቀን ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ የተራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይመዘገብም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምልክቶቹ ጥቂት ናቸው። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይወከላሉ። ታማሚው ውስጡ ሙሉ በሙሉ ይጠቆራል፤ ተሸካሚዋ ክቧ ባዶ ሆኖ መሃሉ ላይ ነጥብ ይደረግባታል። የሞተ ሰው ምልክቱ በሰያፍ መስመር ይሰረዛል። ባልና ሚስት በአግድም መስመር ይገናኛሉ፤ ዘመዳሞች ከሆኑ መስመሩ ድርብ ይሆናል። ልጆች ከወላጆቻቸው መስመር ወደ ታች ተንጠልጥለው በዕድሜ ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ። ትውልድ በሮማ ቁጥር ይቆጠራል፣ ምርመራው የተጀመረበት ሰው ደግሞ በቀስት ይጠቆማል።

ቪክቶሪያና ባሏ አልበርት ዘጠኝ ልጆች ወለዱ፤ አራቱ ወንዶች፣ አምስቱ ሴቶች። ከወንዶቹ የታመመው በ1853 የተወለደው ሊዮፖልድ ብቻ ነው። ሄሞፊሊያ ደም በጊዜው እንዳይረጋ የሚያደርግ በሽታ ስለሆነ፣ ለሌላ ሰው ቁስል የማይባለው ነገር ለሊዮፖልድ ሳምንታት የሚያስተኛ ነበር። በ1884 ፈረንሳይ፣ ካን ከተማ ውስጥ ተንሸራትቶ ወደቀና በ30 ዓመቱ ሞተ። ከእህቶቹ መካከል አሊስና ቢያትሪስ ጤነኞች ነበሩ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ላይ ግን በሽታው ታየ። የአሊስ ልጅ ፍሬድሪክ በ1873 ገና በሁለት ዓመት ተኩሉ ከመስኮት ወድቆ ሞተ። ከሴት ልጆቿ አይሪን ሦስት ወንዶች ወልዳ ሁለቱ ታማሚዎች ሆኑ፤ አሌክሳንድራ ደግሞ የሩሲያውን ዛር ኒኮላይ ሁለተኛን አግብታ ከአራት ሴቶች በኋላ በ1904 ታማሚውን አሌክሴይን ወለደች። የቢያትሪስ ልጅ ሊዮፖልድ ታማሚ ነበር፤ ሴት ልጇ ቪክቶሪያ ዩጂኒ የስፔኑን ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛን አግብታ በሽታውን ለአልፎንሶና ለጎንዛሎ አስተላለፈች። ሁለቱም ወጣትነታቸው ሳያልፍ የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ሞቱ፤ ጤነኛ ሰው በሕይወት ሊተርፍበት የሚችል ጉዳት ነበር።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ካሰፈሩ በኋላ ንባቡ የሚጀምረው የማይሆነውን መንገድ በመሰረዝ ነው። ከአንድ ወላጅ መወረሱ ብቻ ለመታመም የሚበቃ በሽታ ቢሆን፣ ታማሚ ሁሉ ታማሚ ወላጅ ሊኖረው ይገባ ነበር። እዚህ ግን ቪክቶሪያ፣ አሊስ፣ ቢያትሪስ፣ አይሪንና አሌክሳንድራ ሁሉም ጤነኛ እናቶች ናቸው፣ ባሎቻቸውም እንዲሁ። ስለዚህ ይህ መንገድ ይወድቃል። ከእናት ብቻ በሚተላለፈው የማይቶኮንድሪያ ዘረመል የሚመጣ ነው እንዳይባል፣ የንግሥቲቱ ልጅ ሊዮፖልድ ወንድ ሆኖ ሳለ እሷም አሊስ በምትባለው ሴት ልጁ በኩል ለልጅ ልጁ ሩፐርት አስተላልፏል። ሩፐርት በ1928 ፈረንሳይ ውስጥ የመኪና አደጋ ደርሶበት ሞተ።

የቀረው ተፎካካሪ ከሁለቱም ወላጆች መወረስ የሚያስፈልገው፣ ከጾታ ጋር ያልተያያዘ መንገድ ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ አሊስ፣ ቢያትሪስ፣ አይሪን፣ አሌክሳንድራና ቪክቶሪያ ዩጂኒ ከተለያየ አገር ያገቧቸው ባሎች ሁሉ ያንኑ ብርቅ ጉድለት በድብቅ ተሸክመው መምጣት ነበረባቸው። አንዱ ቢሆን ይታመናል፤ ሁሉም ግን አይታመንም። በዚህ ላይ በእርግጠኝነት የሚታወቁት ዘጠኙ ታማሚዎች በሙሉ ወንዶች ናቸው። በሽታው ጾታ የማይለይ ቢሆን ዘጠኙም በአጋጣሚ ወንድ የመሆናቸው ዕድል ከ512 አንድ ብቻ ነው።

የተረፈው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ ጉድለት ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ብዙውን ጊዜ ይሸፍናታል፤ ወንድ አንድ ብቻ ስላለው የተበላሸው ከደረሰው ይታመማል። አባት ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ዋይ ክሮሞዞምን ስለሆነ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ አይተላለፍም፤ የታማሚ አባት ሴት ልጆች ግን ሁሉም ያለ ጥርጥር ተሸካሚዎች ናቸው። የሊዮፖልድ ቤት ይህን በትንሹ ያሳያል፤ አባቱ ከሞተ በኋላ የተወለደው ቻርልስ ኤድዋርድ ጤነኛ ሆነ፣ እህቱ አሊስ ግን ሩፐርትን ወለደች። አንድ ጤነኛ ወንድ ልጅ ብቻውን ብዙ ማስረጃ አይሆንም፤ ደግነቱ ይኸው መልክ በሌሎች ቤተሰቦችም ከጥንት ይታወቅ ነበር። የፊላደልፊያው ሐኪም ጆን ኮንራድ ኦቶ ገና በ1803 ወንዶች ብቻ የሚደሙበትን፣ ጤነኛ ሴቶች ግን የሚያስተላልፉትን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ጽፎ ነበር።

ተሸካሚዎችን መለየት ከሁሉ የረቀቀው ሥራ ነው፤ ሴቶቹን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። የሩፐርት እናት አሊስ ታማሚ አባት ስላላት ልጅ ሳትወልድም ተሸካሚነቷ የታወቀ ነው። አይሪን ታማሚ ወንድምና ታማሚ ልጆች ስላሏት እርግጥ ነው። የቪክቶሪያ የበኩር ልጅስ? እሷም ቪክቶሪያ ትባላለች፤ የፕሩሲያውን አልጋ ወራሽ አግብታ አራት ወንዶች ወልዳለች፣ አንዳቸውም በሄሞፊሊያ አልታወቁም።

ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። እናቷ ተሸካሚ ስለሆነች ልጆች ከመውለዷ በፊት ዕድሏ ግማሽ ነው። ተሸካሚ ብትሆን እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ጤነኛ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ስለሆነ፣ አራቱም ጤነኛ የሚሆኑት ከ16 አንድ ጊዜ ነው። ተሸካሚ ካልሆነች ግን ሁሌም ጤነኞች ናቸው። ግማሹን በ1/16 ብናባዛ 1/32 ይሆናል፤ በተቃራኒው በኩል ያለው ግማሽ 16/32 ነው። ሁለቱ ተደምረው 17/32 ሲሆኑ የተሸካሚነቱ ድርሻ 1/17 ይሆናል፤ ማለትም ከመቶ ስድስት ገደማ። የአራቱ ልጆች ጤንነት ሃምሳውን ወደ ስድስት አወረደው፣ ግን ዜሮ አላደረገውም። ከወንዶቹ ሁለቱ በልጅነታቸው ሞተዋል፤ አንደኛው ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው። በዚያ ዕድሜ በሽታው ሳይታይ ሊያልፍ ስለሚችል ጥንቁቅ ሰው የእሱን ምስክርነት በሙሉ አይቆጥረውም። በሌላ በኩል የሴት ልጆቿ ወንዶችም ጤነኞች ስለነበሩ ቁጥሩ ይበልጥ ይወርዳል። እህቷ ልዊዝ ግን ልጅ አልነበራትምና ግማሹ ዕድል እንዳለ ቀርቷል፤ ከሠንጠረዡ ምንም ልናወጣ አንችልም። እሷ ላይ ነጥብ የሚያደርግ ሰው ያልተረጋገጠ ነገር እየጻፈ ነው።

ስህተት የሚገባው በአብዛኛው ከመረጃው ነው። ሩፐርት በ1910 የተወለደ ሞሪስ የሚባል ወንድም ነበረው፤ ወራት ብቻ ኖሮ ሞተ። የቢያትሪስ ልጅ ሌላው ሞሪስ ደግሞ በ1914 ጦር ሜዳ ላይ ወደቀ፤ አንዳንዶች ታማሚ ነበር ይላሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ከማጥቆር ወይም ባዶ ከመተው የጥያቄ ምልክት ማድረግ ይሻላል። ድርብ መስመርም ያሳስታል። አይሪን ያገባችው ሃይንሪሕ የአክስቷ ልጅ ነው፤ ሠንጠረዡን በችኮላ የሚያይ ሰው የሁለቱን ልጆች ሕመም በዘመዳሞች ጋብቻ ሊያሳብብ ይችላል። ሃይንሪሕ ግን ጤነኛ ወንድ ስለሆነ የተበላሸ ኤክስ አልነበረውም፣ ለወንድ ልጆቹም ኤክስ አይሰጥም። ልጆቹ ጉድለቱን የወረሱት ከእናታቸው ብቻ ነው። ዝምድናው ትርጉም የሚኖረው ከሁለቱም ወላጆች በሚወረስ በሽታ ላይ ነው፤ በአገራችን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባትን የሚከለክለው ልማድ የሚቀንሰውም ያንን ዓይነቱን እንጂ ሄሞፊሊያን አይደለም።

በእኛ አገር ይህን ታሪክ የሚሰበስብ ሰው ጥያቄውን ማጥበብ አለበት። «አጎቴ ደም እየፈሰሰው ሞተ» ሲባል የእናት ወንድም ነው ወይስ የአባት? የእናት ወንድም ከሆነ ለኤክስ ጉድለት ትልቅ ፍንጭ ነው፤ የአባት ወንድም ከሆነ ለተናጋሪው ልጅ ምንም ላይሆን ይችላል። «ወንድሜ» የተባለው የእናት ልጅ ይሁን የአባት ልጅ፣ ወይም ያሳደጉት ልጅ መጠየቅ አለበት። በጨቅላነት የሞቱትም ቤተሰቡ ካላነሳቸው በስም ጠይቆ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ወንዶች ከግርዛት በኋላ ብዙ ደምተው እንደሆነ መጠየቁ ብዙ ጊዜ የጠፋውን መረጃ ያመጣል።

ሠንጠረዡ ከቪክቶሪያ ወደ ላይ ሲሄድ ይቋረጣል። አባቷ የኬንቱ መስፍን ኤድዋርድ በሽታው አልነበረበትም፣ በእናቷም ወገን የሚታወቅ ታማሚ የለም። ስለዚህ አዲስ ለውጥ ነው የሚለው ግምት ይጠነክራል፤ ወይ እሷ ስትጸነስ፣ ወይም ቪክቶሪያ በተወለደች ጊዜ 51 ዓመት በሞላው አባቷ የዘር ፍሬ ላይ የተፈጠረ። ከሄሞፊሊያ ታማሚዎች ሲሶ ያህሉ ቤተሰባቸው ውስጥ ቀድሞ የታመመ ሰው የለም፤ ባዶ ሠንጠረዥ በሽታውን ውድቅ አያደርገውም ማለት ነው።

ሠንጠረዡ ፈጽሞ ሊመልሰው የማይችል ጥያቄም ነበር፤ የትኛው ሄሞፊሊያ ነው? ዓይነት ኤ እና ዓይነት ቢ ሁለቱም በኤክስ ላይ ናቸው፣ በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መልክ ይሰጣሉ። ዓይነት ኤ በብዛት ስለሚገኝ ብዙዎች እሱ ይሆናል ብለው ይገምቱ ነበር። በ2007 ሩሲያ ውስጥ የካተሪንበርግ ከተማ አጠገብ የተገኙት የአሌክሴይና የአንዲት እህቱ አጽሞች ከቀደሙት የቤተሰቡ አጽሞች ጋር ተመርምረው በ2009 ውጤቱ ወጣ፤ ጉድለቱ ያለው ኤፍ9 በሚባለው ጂን ላይ ነው፣ በሽታውም ዓይነት ቢ ነው። አሌክሳንድራ አንዱ ጂኗ ጤነኛ፣ ሌላው የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። አሌክሴይ የነበረው ብቸኛው ጂን የተበላሸው ነው። ከአራቱ ሴት ልጆች ተሸካሚ ሆና የተገኘችው አንዷ ነበረች፤ ሠንጠረዡ ለእያንዳንዷ ግማሽ ዕድል ሰጥቶ ነበርና ከአራት አንዷ ብቻ ተሸካሚ መሆኗ ከአራት አንድ ጊዜ የሚያጋጥም ነው።