የካሬ ዋጋ ምንድን ነው? የየትኛው ካሬ?

የአክስቴ ልጅ አፓርታማ ስትፈልግ ሁለት ማስታወቂያ በቴሌግራም ላከችልኝ። አንዱ 110 ካሬ፣ 11 ሚሊዮን 550 ሺህ ብር። ሌላው 92 ካሬ፣ 10 ሚሊዮን 580 ሺህ። ሁለቱም ባለ ሁለት መኝታ፣ ሁለቱም አንድ ሰፈር። ከሥር እንዲህ ጽፋለች፦ «አካፍዬዋለሁ፣ የመጀመሪያው በካሬ 105 ሺህ፣ ሁለተኛው 115 ሺህ ነው። የመጀመሪያውን ልያዘው አይደል?»

ቆይ አልኳት።

የካሬ ዋጋ ማለት ጠቅላላው ዋጋ ለካሬ ሜትሩ ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው። ስፋታቸው የተለያየ ቤቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማየት ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ማካፈሉንም ስልክ ይሠራዋል። ጣጣው ያለው ማካፈያው ላይ ነው፤ ደላላው «110 ካሬ» ሲል የትኛውን 110 እንደሆነ አይነግርህም፣ አንተም ካልጠየቅከው ዝም ነው።

አፓርታማ ላይ ሁለት ዓይነት ካሬ አለ። አንደኛው ኔት የሚባለው ነው፤ በርህን ዘግተህ ውስጥ የምትኖርበት። ሁለተኛው ግሮስ ነው፤ በኔቱ ላይ ከደረጃው፣ ከሊፍቱ፣ ከኮሪደሩና ከሌላውም የጋራ ቦታ ለአንተ የተደለደለው ድርሻ ይጨመርበታል። ግሮስ ማስላት ማጭበርበር አይደለም፣ ደረጃውንም የሠራው ሰው ገንዘብ አውጥቶበታል። ግን አንዱን በግሮስ፣ ሌላውን በኔት አካፍለህ ካወዳደርክ ኪሎና ፈረሱላ እያወዳደርክ ነው።

ደወልንና ጠየቅን። የመጀመሪያው 110 ግሮስ ሆኖ ተገኘ፤ ኔቱ 84 ነው። የሁለተኛው 92 ኔት ነው። እንግዲህ እንደገና እናካፍል፦ 11 ሚሊዮን 550 ሺህ ለ84 ሲካፈል በካሬ 137,500 ብር መጣ። ሁለተኛው እዚያው 115 ሺህ ላይ ነው። ርካሽ የመሰለው ቤት ተገለበጠ ማለት ነው፣ ያውም ስምንት ካሬ ጠብቦ። ስምንት ካሬ አንድ ትንሽ መኝታ ቤት ነው።

ግን እዚህ ላይም አላለቀም። ሁለተኛው ቤት ሴሚ ፊኒሽድ ነበር። ሴራሚክ የለም፣ የኪችን ካቢኔት የለም፣ የውስጥ በር የለም፣ ሻወር ቤቱ ባዶ ነው። አንድ የምናውቀው ፎርማን ወስደን ስናሳየው ለማጠናቀቅ በካሬ 15 ሺህ ብር ያህል ገመተ። በ92 ሲባዛ 1 ሚሊዮን 380 ሺህ ነው። ይህን ዋጋው ላይ ስትደምረው ቤቱ 11 ሚሊዮን 960 ሺህ ይገባል፤ በካሬ 130 ሺህ። አሁንም ከመጀመሪያው ያንሳል፣ ግን ልዩነቱ ከ22 ሺህ ተኩል ወደ ሰባት ሺህ ተኩል ወረደ። እንዲህ ሲቀራረብ ደግሞ የካሬ ዋጋ ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ የሚወስነው ፎቁ፣ ውሃው፣ የመኪና ማቆሚያው ነው። (ቁጥሮቹን የዛሬ ገበያ ዋጋ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ፤ ስሌቱን ያዙት።)

«ኔት ነው» ሲሉህም ሜትር ይዘህ ሂድ። ስፋቱን ከግድግዳው የውጭ ጠርዝ የሚለካ አለ፣ ከውስጥ የሚለካ አለ። ቀላል እንዳይመስልህ፦ ከውጭ 10 በ8 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት 85 ካሬ ነው፤ ዙሪያው 20 ሳንቲም ብሎኬት ከሆነ ውስጡ 78 ካሬ እንኳ አይሞላም፣ ያውም ልስኑና የውስጥ ግድግዳዎቹ ሳይቆጠሩ። በረንዳውንም ጠይቅ። አንዳንዱ ሙሉውን ይቆጥረዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይቆጥረውም። የትኛውም ይሁን፣ ለሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት አድርግ፤ አለዚያ ልፋትህ ከንቱ ነው።

ወደ ቦታና ግቢ ቤት ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚህ «ካሬ» ሲባል በአብዛኛው የቦታው ስፋት ነው እንጂ የቤቱ አይደለም፤ 200 ካሬ ቪላ ማለት 200 ካሬ ቦታ ላይ ያረፈ ቪላ ነው። ከአፓርታማ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ የሚሳሳተው።

ከዚያ ካርታውን እይ። አጥሩን ሳይሆን ካርታውን። «240 ካሬ፣ 24 ሚሊዮን» የሚል ማስታወቂያ ሲሰላ በካሬ 100 ሺህ ነው፣ ደስ ይላል። ካርታው ላይ ያለው ግን 192 ካሬ ቢሆንስ? የተቀረው 48 ካሬ ባለቤቱ ከጊዜ በኋላ አጥሩን ወጣ አድርጎ የያዘው ነው ማለት ነው። ያ ትርፍ ቦታ በስምህ አይዞርልህም፣ ነገ መንገድ ሲሠራ ደግሞ አጥርህን አፍርስ ትባላለህ። ስለዚህ የሚካፈለው ለ192 ነው፤ በካሬ 125 ሺህ። ቦታው የሊዝ ከሆነ ያልተከፈለውን ቀሪ ሊዝ ዋጋው ላይ ደምር። ስሙ ሲዞርልህ እዳውም አብሮ ይዞርልሃል፤ 960 ሺህ ብር ቀሪ ካለ ይኸው በካሬ 130 ሺህ ደረሰ።

አሁን እዚያው አካባቢ 150 ካሬ በ19 ሚሊዮን ተኩል አለ እንበል። እሱም በካሬ 130 ሺህ ነው። እኩል ናቸው? አይደሉም። የመጀመሪያው ግቢ ውስጥ ያለው ያረጀ የጭቃ ቤት ነው፤ ገዝተህ የምታፈርሰው፣ የማፍረሻውንም አንተ የምትከፍለው። ሁለተኛው ላይ የምትገባበት የብሎኬት ቤት አለ። ባለሙያ ያንን ቤት አሁን ባለበት ሁኔታ 4 ሚሊዮን ተኩል ያወጣል ካለህ፣ እሱን ከዋጋው ቀንሰህ የተረፈውን 15 ሚሊዮን ለ150 አካፍል። መሬቱ በካሬ 100 ሺህ ወጣ። ቤት ያለበትን ቦታ ባዶ ከሆነ ቦታ ጋር ለማወዳደር መንገዱ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ቤቱን ቀንስ፣ ከዚያ መሬትን ከመሬት ጋር አስተያይ።

ትናንሽ ቦታዎች በካሬ ወደድ ሲሉ ብታይ አትደንግጥ። 100 ካሬ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው 500 ካሬ ከሚገዛው ይበልጣል፣ ስለዚህ ፈላጊው ይበዛል። 100ን ከ500 ጋር በካሬ ዋጋ አታወዳድር፤ በስፋት ከሚቀራረበው ጋር አወዳድረው። ቅርጹም ዋጋ አለው፦ 10 በ20 የሆነና 5 በ40 የሆነ ቦታ ሁለቱም 200 ካሬ ናቸው፣ ግን በሁለተኛው ላይ መኪና አስገብተህ፣ መተላለፊያ ትተህ ምን ዓይነት ቤት ልትሠራ ነው?

«ኔት» የሚለው ቃል ሌላም ትርጉም አለው። ሻጩ «20 ሚሊዮን ኔት» ሲል ስለ ስፋት አይደለም የሚያወራው፤ በእጄ የሚገባው ይህ ነው፣ ግብሩንም የስም ማዛወሪያውንም አንተ ቻለው ማለቱ ነው። ከጎኑ ያለው ደግሞ የራሱን ግብር ራሱ የሚከፍል ከሆነ ሁለቱ ዋጋዎች አንድ አይደሉም፤ ከማካፈልህ በፊት የሚመጣብህን ወጪ ጠይቀህ ደምር።

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን ልትይዝ ሄደች። ደላላው «እህቴ፣ እሱ እኮ ትናንት ተሸጠ» አላት። በስንት እንደሄደ ጠየቀችው፤ በ9 ሚሊዮን 900 ሺህ። ማስታወቂያው ግን አሁንም በ10 ሚሊዮን 580 ተለጥፎ አለ፣ እኛም ስናካፍል የሰነበትነው እሱን ነበር።