ፐርሙቴሽንና ኮምቢኔሽን ምንድን ናቸው? የእድር ኮሚቴ ስንመርጥ የትኛውን እንቆጥራለን?

ደብረ ብርሃን የሚገኝ አንድ እድር ሦስት የኮሚቴ አባላት ሊመርጥ ነው እንበል። እጩዎቹ አምስት ናቸው፤ በትውልድ አገራቸው እንጥራቸው፦ የተጉለቱ፣ የመንዙ፣ የይፋቱ፣ የቡልጋዋና የሞረቷ። ሦስቱ ወንዶች፣ ሁለቱ ሴቶች መሆናቸውን ያዙልኝ። ምርጫው ስንት ዓይነት ውጤት ሊኖረው ይችላል?

መልሱ የሚወሰነው እድሩ በሚመርጥበት ደንብ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ራሱ ሰብሳቢውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ለይቶ የሚመርጥ ከሆነ፣ ለሰብሳቢነት አምስት አማራጭ አለው። ሰብሳቢው ከተያዘ በኋላ ለጸሐፊነት አራት ሰዎች ይቀራሉ፤ ከዚያም ለገንዘብ ያዥነት ሦስት። 5 × 4 × 3 = 60። ይህ ፐርሙቴሽን ነው፤ ማን ተመረጠ ብቻ ሳይሆን ማን የቱን ቦታ ያዘ የሚለውም ይቆጠራል። የመንዙ ሰብሳቢ፣ የቡልጋዋ ገንዘብ ያዥ ሆነው ከተመረጡ በኋላ ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ ሌላ ነው፤ የእድሩ ገንዘብ በሌላ ሰው እጅ ይገባልና።

ሦስቱ ያለ ማዕረግ ልዩነት ተራ አባል የሚሆኑ ከሆነ ግን 60 የሚለው ቁጥር የተጋነነ ነው። ለምሳሌ የተጉለቱን፣ የመንዙንና የቡልጋዋን እንውሰድ። እነዚህ ሦስት ሰዎች ሦስቱን ኃላፊነት በ3 × 2 × 1 = 6 መንገድ ሊከፋፈሉ ስለሚችሉ በ60ው ውስጥ ስድስት ጊዜ ተቆጥረዋል። ማዕረጉ ሲነሣ ስድስቱ አንድ ኮሚቴ ይሆናሉ። ሌላውም ሦስትዮሽ እንዲሁ ነውና 60 ÷ 6 = 10። ይህ ኮምቢኔሽን ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ በእጅ ዘርዝሮ ማረጋገጥ ይቻላል። የተጉለቱ ካለበት ከቀሪዎቹ አራት ሁለት ጓደኛ ይፈልጋል፤ እነሱን የማጣመሪያው መንገድ 6 ነው። የተጉለቱ ከሌለና የመንዙ ካለ ከሦስቱ ሁለት ይመረጣሉ፤ 3። ሁለቱም ከሌሉ የሚቀሩት የይፋቱ፣ የቡልጋዋና የሞረቷ ብቻ ናቸው፤ 1። ድምሩ 10።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው «ስማቸው የተጠራው በተራ ነው፣ ድምፅም የተሰጠው አንድ በአንድ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው» ብሎ ሲያስብ ነው። የአመራረጡ ተራ ቁም ነገር አይደለም። መጠየቅ ያለብን፣ ምርጫው ካለቀ በኋላ ሁለት ተመራጮች ቦታ ቢለዋወጡ ቃለ ጉባኤው ይለወጣል ወይ የሚለውን ነው። ከተለወጠ ፐርሙቴሽን፣ ካልተለወጠ ኮምቢኔሽን። «ብዙ ድምፅ ያገኘ ሰብሳቢ፣ ቀጥሎ ያለው ጸሐፊ፣ ሦስተኛው ገንዘብ ያዥ ይሆናል» የሚል ደንብ ካለ ግን ተራው ራሱ ማዕረግ ሆነ፤ ወደ 60 እንመለሳለን።

በመካከል ያለም ጉዳይ አለ። ሰብሳቢው ብቻ ተለይቶ ሁለቱ ተራ አባላት ቢሆኑስ? አሥሩን ኮሚቴ እንውሰድና በእያንዳንዱ ውስጥ ከሦስቱ አንዱን ሰብሳቢ እናድርግ፤ 10 × 3 = 30። ለዚህ አዲስ ቀመር መሸምደድ አያስፈልግም።

እኔ ይበልጥ የማተኩርበት ግን የሚከተለው ነው፤ ጎበዝ ተማሪ እንኳ ይወድቅበታል። አባላቱ እኩል ናቸው፤ ደንቡ ግን ቢያንስ አንዲት ሴት ትኑር ይላል። ብዙዎች እንዲህ ያሰላሉ፦ መጀመሪያ ከሁለቱ ሴቶች አንዷን እንምረጥ፣ 2 መንገድ፤ ከዚያ ከቀሩት አራት ሰዎች ሁለት እንምረጥ፣ 6 መንገድ፤ 2 × 6 = 12። አሠራሩ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ያለ ምንም ገደብ ያሉት ኮሚቴዎች ጠቅላላ 10 ብቻ ናቸው፤ ገደብ ሲጨመር ቁጥሩ ሊያድግ አይችልም።

ስህተቱ የገባው ሁለቱም ሴቶች ባሉበት ኮሚቴ ላይ ነው። የቡልጋዋ፣ የሞረቷና የመንዙ ያሉበትን ብንመለከት፣ አንድ ጊዜ የቡልጋዋ «መጀመሪያ የተመረጠችው ሴት» ተብላ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሞረቷ እንደዚያው ተብላ ተቆጥሯል። ማዕረግ በሌለበት ኮሚቴ «መጀመሪያ የተመረጠች» የሚባል ማዕረግ ሳናውቀው ፈጠርን። ሁለቱም ሴቶች ያሉባቸው ኮሚቴዎች ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛው አባል የተጉለቱ፣ የመንዙ ወይም የይፋቱ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ስለተቆጠሩ 12 − 3 = 9።

ከሌላ አቅጣጫም እንየው። ሴት የሌለበት ኮሚቴ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተጉለቱ፣ የመንዙና የይፋቱ ያሉበት። 10 − 1 = 9።