አፈሩን ገለባ ያድርግለት

በእኛ በጎጃም የደግ ሰው ስም ከሞተ በኋላ ሲነሳ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ሳይባል አይታለፍም። አፈሩ አይክበደው ማለት ነው። ምሳሌው የአውድማ ነው፤ ምርት ለነፋስ ሲሰጥ ፍሬው ከበድ ብሎ እዚያው ይወድቃል፣ ገለባውን ነፋስ ይዞት ይሄዳል።

የምርቃቱ ክብደት የገባኝ አያቴን በሐምሌ ስንቀብር ነው። ዋልካው ዝናብ ጠጥቶ አካፋው ላይ ይጣበቅ ነበር። ሳጥን የሚባል አልነበረም። ሴቶች አጥበዋት፣ ገናዦቹ እጇን ሰብስበው ሁለቱን አውራ ጣቶቿን በክር አስረው፣ በነጭ አቡጀዲ ጠቅልለው፣ በሰሌን አድርገው አወረዷት። በትንሣኤ ቀን ስትነሣ ፊቷ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ራሷ ወደ ምዕራብ፣ እግሯ ወደ ምሥራቅ ሆነ። ጓሉ ሲወድቅ ከሥጋዋ የሚለየው ሰሌን ብቻ ነበር። «ገለባ ያድርግልሽ» ያሏት ያንን ጓል እያዩ ነው።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «አላህ ቀብሩን ያስፋለት» ይላሉ። በእነሱ ትምህርት መቃብር ሰውን ይጫናል፣ ይጨምቃልም፤ ምርቃቱም ለዚያ ነው። ሟቹን አጥበው በከፈን ይጠቀልሉና በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርገው ያስተኙታል። ከጎጃም መካ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ስለምትገኝ የሟቹ ራስ ወደ ምሥራቅ ይውላል፤ ከእኛ ተቃራኒ ማለት ነው።

ሬሳ ማቃጠልን ሁለቱም አይቀበሉም። ለሂንዱ ግን ሥጋ ነፍስ የምታወልቀው ልብስ ነው፤ እሳት ይፈታዋል፣ አመዱ ወንዝ ይገባል። አፈር የማይጫነውን ሰው በዚህ ምርቃት መመረቅ አይቻልም።

ከባዱ ጥያቄ የመጣው ከባሕር ማዶ በሚላክ ሬሳ ነው። እንዳይፈርስ በደም ሥሩ መድኃኒት ተሰጥቶት፣ በታሸገ ሳጥን ይመጣል። ነገሩ ለመጽሐፍ እንግዳ አይደለም፤ ያዕቆብ ግብፅ ሲሞት ዮሴፍ ባለ መድኃኒቶቹን አዝዞ 40 ቀን አሽተውታል፤ ከዚያ በኋላ ከነዓን ወስዶ ቀብሮታል። መድኃኒቱ ሬሳውን ለመንገድ አቆየው እንጂ ከመቃብር አላስቀረውም።

የጎረቤታችን ልጅ እንዲህ ታሽጎ መጣ። ሳጥኑ እንዳይከፈት ስለተባለ ካህናቱ በሳጥኑ ላይ ፍትሐት አደረሱለት፤ ግንዘት ግን አልቻሉም። ፍትሐቱ ለእኔ በቂ መስሎኝ ነበር። እናቱ ግን ሳጥኑን በእጇ እየዳበሰች «እጁን ማን ሰበሰበለት?» እያለች ትጠይቅ ነበር። አፈሩ ሲወርድ ድምፁ የጣውላ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ልማዳቸው «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» አሉ፤ እሷም «አሜን» አለች።