አንድ መምህር፣ ሁለት ክፍል፦ የአንድ ክፍለ ጊዜ ዕቅድ

በአንዳንድ የገጠር ትምህርት ቤቶችና በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች አንድ መምህር ሁለት ክፍሎችን ባንድ ጣሪያ ሥር ያስተምራል። 40 ደቂቃውን ለሁለት ገምሶ ሃያ ሃያ መስጠት ቀላል ይመስላል። ግን እንዲህ ከሆነ ሁሉም ልጅ ግማሹን ጊዜ ተጎልቶ ተራውን ሲጠብቅ ነው የሚውለው። የተለመደው የዕለት ዕቅድ ቅጽ «የመምህሩ ተግባር» እና «የተማሪው ተግባር» ይላል። እዚህ ግን ለየክፍሉ አንድ አንድ ዓምድ ይሰመራል፤ ቀድሞ የሚሞላውም መምህሩ ከልጆቹ ጋር የማይሆንበት ሰዓት ነው።

ሒሳብን እንውሰድ። አንደኛ ክፍሎች 7 + 5 ይማራሉ፣ ሁለተኛ ክፍሎች 27 + 15። የ27 + 15 የመጀመሪያ እርምጃ ያው 7 + 5 ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን 6 ደቂቃዎች ሁሉም አብረው ይሠራሉ፤ መምህሩ «ሰባት» ሲል ልጆቹ አሥር የሚሞላውን «ሦስት» ብለው ይመልሳሉ።

ቀጥሎ ያሉት 13 ደቂቃዎች የሁለተኛ ክፍል ናቸው። አንደኛ ክፍሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው አሥር ጠጠር ይይዛሉ፤ አንዱ ጥቂቱን በጭብጡ ይደብቃል፣ ሌላው የቀረውን ቆጥሮ የተደበቀውን ይገምታል። ማንበብ አይጠይቅም፣ መልሱም እጅ ሲከፈት ይታያል፣ ስለዚህ መምህሩን የሚጠራ የለም። በዚህ መሀል ሁለተኛ ክፍሎች አሥር አሥር ሆነው በታሰሩ እንጨቶች 27 እና 15ን ይደምራሉ። 7 እና 5 ነጠላ እንጨቶች 12 ሲሆኑ አሥሩ ይታሰርና ወደ አሥር ቤት ይሄዳል፣ 2 ይቀራል። መልሱ 42።

ከዚያ መምህሩ ወደ አንደኛ ክፍሎች ዞሮ 13 ደቂቃ ይቆያል፦ ከ5ቱ ጠጠሮች 3 ወደ 7 ይሄዳሉ፣ 10 ይሞላል፣ 2 ይተርፋል። ሁለተኛ ክፍሎች ደግሞ ከደወል በፊት ሰሌዳው ላይ የተጻፉ አራት ጥያቄዎችን ይሠራሉ። ልጆቹ እየጠበቁ ጥያቄ መጻፍ የተጀመረ እንደሆነ ሰዓቱ አለቀ ማለት ነው። ለፈጣኖቹም አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ከታች ይቀመጥላቸው፤ አለበለዚያ «ቲቸር ጨረስኩ!» እያሉ ደብተር ይዘው ይሰለፋሉ፣ አንደኛ ክፍሎችም ይረሳሉ።

ብዙ ጊዜ ዕቅዱን የሚያበላሸው ሁለቱም ክፍሎች ባንድ ቀን አዲስና ከባድ ነገር ሲጀምሩ ነው። አንዱ ሲጀምር ሌላው የሚያውቀውን ይለማመድ። ማንበብ ላይ ግን አንዱ ክፍል ገና ፊደል ሲቆጥር ሌላው ምንባብ ላይ ስለሚሆን፣ የጋራ መግቢያ ካልተገኘ አለመድከሙ ይሻላል።

የመጨረሻው 8 ደቂቃ የማረሚያ ነው። አንደኛ ክፍሎች 8 + 6ን በጠጠር ያሳያሉ፣ ሁለተኛ ክፍሎች 36 + 28ን በደብተር ይሠራሉ። 514 የጻፈ ልጅ 14ቱን እንዳለ አስቀምጦታል፤ 54 የጻፈው ደግሞ አሥሩን ረስቶታል። እንዲህ የጻፉት ከበዙ የነገው ዕቅድ ወደፊት አይሄድም፤ እንጨቶቹ እንደገና ይወጣሉ፣ አንደኛ ክፍሎችም በጠጠራቸው ይቀጥላሉ።